ዥጉርጉሮቹ ፈረሶች በጨለማ ዋሻ ውስጥ ለምን ተሳሉ?

ናቲ አዳማ

ጤና ይስጥልኝ። የዘጠነኛ ክፍል የታሪክ መምህር ነኝ። ባለፈው ሳምንት በደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘውን የፔሽ መርል ዋሻ ሥዕል ለተማሪዎቼ አሳየኋቸው፤ ጀርባ ለጀርባ የቆሙ ሁለት ፈረሶች፣ ሰውነታቸው በጥቁር ነጠብጣብ የተሞላ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ማንም በማያየው ጨለማ ውስጥ ገብተው ለምን ሳሉ?» አለችኝ። እኔም ያነበብኩትን ነገርኳት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 የወጣ የዘረመል ጥናት ዥጉርጉር ፈረሶች በዚያ ዘመን በእርግጥ እንደነበሩ ስላረጋገጠ፣ ሰዎቹ በዓይናቸው ያዩትን ነው የሳሉት፤ ክርክሩም ተዘግቷል አልኳት። «እሱማ ምን እንደሳሉ ነው፤ እኔ የጠየቅሁት ለምን እንደሳሉ ነው» ብላ ተቀመጠች።

ልጅቷ ልክ ናት፤ እኔም መልስ አጣሁ። በዚህ መድረክ የዘርፉ ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ ነው የመጣሁት። ምሁራኑ ይህን ጥያቄ እንዴት ነው የሚመዝኑት?

ታሪክ ወዳድ

መምህር፣ ይህ እኮ ድሮ የተመለሰ ጥያቄ ነው። ሥዕሉ የአደን ጥንቆላ ነው። አዳኙ እንስሳውን ግድግዳ ላይ ስሎ በቀስት ሲወጋው፣ ነገ በዱር የሚያገኘውን በእጁ እንዳስገባ ይቆጥረዋል። በፈረንሳይ በኒዮ ዋሻ ጎናቸው ላይ የቀስት ምልክት ያለባቸው ቢሰን የሚባሉ ጎሽ መሰል የዱር እንስሳት አሉ። በሞንቴስፓን ደግሞ ሰውነቱ በቀዳዳ የተበሳሳ፣ ከጭቃ የተሠራ የድብ ምስል በ1923 ተገኝቷል። ጨለማ የገቡትም ጥንቆላ በአደባባይ ስለማይደረግ ነው። ለተማሪዋ ይህን ይንገሯት።

ሰናይት ቱሉዝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቅድመ ታሪክ ያጠናሁት እዚሁ ቱሉዝ ነው፤ ፔሽ መርልንም ከአንድ ጊዜ በላይ ገብቼ አይቻለሁ።

ታሪክ ወዳድ ያነሱት ሐሳብ ክብር ይገባዋል፤ ሰሎሞን ሬናክ በ1903 አካባቢ ያቀረበው፣ የቅድመ ታሪክ ተመራማሪው ፈረንሳዊ ቄስ አቤ ብርዩ የደገፈው፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ሆኖ የቆየ ነው። ያነሷቸው ሁለቱ ማስረጃዎችም እውነት ናቸው። ችግሩ ምሳሌ መርጦ በማቅረብና ሁሉንም በመቁጠር መካከል ነው። በዋሻዎቹ ያሉትን እንስሳት አንድ በአንድ ስንቆጥር የቀስት ወይም የቁስል ምልክት ያለባቸው ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ምንም አልነካቸውም።

ሁለተኛው ፈተና አጥንት ነው። ሰዎቹ የሚያድኑትን ለማግኘት ቢስሉ ኖሮ፣ ግድግዳው ላይ ያለውና ምድጃቸው ዳር የተጣለው አጥንት መቀራረብ ነበረበት። በ1940 በተገኘው ላስኮ ዋሻ ከተለቀሙት የምግብ አጥንቶች ከአስሩ ዘጠኙ ያህል የሬይንዲር ናቸው፤ የብርድ አገር አጋዘን ማለት ነው። በግድግዳው ላይ ግን ፈረሶች፣ የዱር በሬዎችና ዋላዎች በመቶዎች ሲቆጠሩ፣ ሬይንዲር ተብሎ የተለየው ምስል አንድ ብቻ ነው። የበሉትን አልሳሉም፤ የሳሉትንም እምብዛም አልበሉም።

ታሪክ ወዳድ

እህቴ ሰናይት፣ አጥንቱ ሐሳቡን የሚያፈርሰው አይመስለኝም፤ እንዲያውም ያጠነክረዋል። ሰው ስለት የሚሳለው ለጎደለው ነው። ሬይንዲሩ በየቀኑ እጃቸው ላይ ነበረ፣ ስለዚህ ምንም አላስጨነቃቸውም። ያስጨነቃቸው የማይገኘው ፈረስና በሬ ነበረ። ያልያዙትን ሳሉ።

ሰናይት ቱሉዝ

ይህ ጥሩ መከራከሪያ ነው፤ ከእርስዎ በፊት ያነሱት ምሁራንም አሉ። ግን ወዴት እንደሚወስደን እንይ። ብዙ የሬይንዲር ሥዕል ቢገኝ «የሚያድኑትን ሳሉ» እንላለን፤ ምንም ባይገኝ «የጎደላቸውን ሳሉ» እንላለን። እንዲህ ከሆነ በቁፋሮ ምን ቢገኝ ሐሳቡ ተሳስቷል ሊባል ይችላል? ምንም። በሁለቱም በኩል የሚያሸንፍ መላ ምት በማስረጃ ተመዝኗል ማለት ያስቸግራል።

በሌላ በኩል ለእርስዎ የሚደርስ ነጥብም አለ። በላስኮ የተገኘው አጥንት ምናልባት በጥቂት ጊዜያት የተበላ ምግብ ትራፊ ነው። ሠዓሊዎቹ በሌላ ወቅት በሌላ ቦታ ምን እንደበሉ አይነግረንም። ስለዚህ አጥንቱ የአደን ጥንቆላን ሙሉ በሙሉ አልቀበረውም፤ የሁሉም ሥዕል መፍቻ መሆኑን ግን አስቀርቶበታል። ለአንዳንዱ ዋሻ፣ ለምሳሌ ለኒዮ፣ ዛሬም አብሮ ሊታሰብ ይችላል።

የድሬ ልጅ

ዋሻ ውስጥ ሥዕል ፍለጋ ፈረንሳይ ድረስ ለምን ትሄዳላችሁ? ድሬዳዋ አጠገብ የጃርት ዋሻ አለን፤ ፖርክ ኤፒክ የሚባለው። አሁን ስሙ የተነሳው ብርዩም በ1933 እዚያው መጥቶ የግድግዳውን ሥዕል አጥንቷል። ለገ ኦዳም አለ። ልጅ ሆነን ከአጎቴ ጋር ለገ ኦዳ ሄደን ከብቶቹን በቀይ ቀለም ተስለው አይቻለሁ፤ ቀንዳቸው ረጅም ነው። የእኛ ሰዎች እረኞች ስለነበሩ ነው ከብት የሳሉት። የፈረንሳዮቹም እንደዚያው ይሆናል፤ ፈረስ አርቢዎች ነበሩ።

ሰናይት ቱሉዝ

የድሬ ልጅ፣ ብርዩንና ድሬዳዋን ማንሳትህ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ነገር ግን ሁለት ልዩነት አለ። ለገ ኦዳ የድንጋይ ጥላ ነው፤ ከብቶቹን በፀሐይ ብርሃን ነው ያየሃቸው፣ እረኛ ከመንጋው ጋር ሊያርፍበት የሚችል ቦታ። የመምህሩ ተማሪ የጠየቀችው ደግሞ መብራት ካልያዙ እጅ የማይታይበት ቦታ ገብቶ ስለመሳል ነው። ሁለተኛ፣ በሐረርጌ ያሉት የከብት ሥዕሎች ከብት ከተላመደ በኋላ የመጡ ናቸው። በፔሽ መርል ከቀኙ ፈረስ የተወሰደው ከሰል በካርቦን 14 ሲመረመር ወደ 29,000 ዓመት ገደማ ያሳያል። ያኔ ፈረስ የሚያረባ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። የዱር ፈረስ ነው የሳሉት።

የእንጅባራ ፈረሰኛ

እኔ ስለ ዋሻ አላውቅም፤ ስለ ፈረስ ግን አባቴ ፈረሰኛ ስለነበሩ በፈረስ መካከል ነው ያደግሁት። መምህሩ የለጠፉትን ፎቶ አጉልቼ ተመለከትኩት። ዥጉርጉር ፈረስ አይቻለሁ፤ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ጠብታ ያለበት። ስለዚህ ዥጉርጉርነቱ አልገረመኝም። የገረመኝ ሌላ ነው። የፈረሱ ሆድና አንገት ትልቅ ሆኖ ጭንቅላቱ የውርንጭላ እንኳ አያህልም። ፈረስን በደንብ የሚያውቅ ሰው፣ ያውም በየቀኑ የሚያየው፣ ጭንቅላቱን እንዲህ አሳንሶ ይስላል? ደግሞም ነጠብጣቡ ከፈረሱ ገላ ወጥቶ በዙሪያው ባለው ድንጋይ ላይም አለ። ቆዳ ቢሆን ኖሮ ከቆዳው ላይ አይወርድም ነበር።

ሰናይት ቱሉዝ

ወንድሜ፣ ምሁራኑ ለዓመታት የተከራከሩበትን ቦታ በአንድ ፎቶ አገኙት።

በዋሻው ውስጥ ስትቆሙ የሚታየውን ልንገራችሁ። አስጎብኚው መብራቱን ከጎን ሲያበራ፣ ከፈረሶቹ በፊት ዓይን የሚይዘው ድንጋዩ ነው። የግድግዳው ቀኝ ጫፍ በተፈጥሮው የፈረስ ጭንቅላት ቅርጽ አለው፤ ግንባሩም አፍንጫውም ይለያል። ትንሹ ጥቁር ጭንቅላት የተሳለው በዚህ ትልቅ የድንጋይ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ብዙዎቻችን የምናስበው ሠዓሊው መጀመሪያ ድንጋዩ ውስጥ ፈረስ አየ፣ ከዚያ ያየውን አወጣው ብለን ነው። በሁለቱ ፈረሶች ዙሪያ ደግሞ ስድስት የእጅ ጥላዎች አሉ፤ እጅን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ዙሪያውን ቀለም በመርጨት የሚቀሩ ባዶ የእጅ ቅርጾች። ከቀኙ ፈረስ በላይም በቀይ የተሳለ ዓሣ አለ።

እንግዲህ ወደ ነጠብጣቡ። ከ2011 በፊት ብዙዎች «እንዲህ ያለ ፈረስ በዚያ ዘመን አልነበረም፤ ስለዚህ ነጠብጣቡ ምልክት ወይም ራእይ ነው» ይሉ ነበር። ከዚያ በፊት የተደረጉት የዘረመል ምርመራዎች ያገኙት ዳማና ጥቁር ፈረስ ብቻ ነበርና። የ2011ዱ ቡድን ከሳይቤሪያ እስከ አይቤሪያ ከተገኙ አጥንቶች የ31 ጥንታዊ ፈረሶችን ዘረመል መረመረ። 18ቱ ዳማ፣ 7ቱ ጥቁር ሆኑ፤ 6ቱ ግን ለዥጉርጉርነት የሚዳርገውን ዘር ይዘው ተገኙ። ከእነዚህ መካከል የበረዶ ዘመን የምዕራብ አውሮፓ ፈረሶች አሉ። (እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ ይህን ዘር ከእናትም ከአባትም የወረሰ ፈረስ ማታ ማየት ይሳነዋል።)

ውጤቱ አንድን መከራከሪያ በእርግጥ አፍርሷል፤ «ዥጉርጉር ፈረስ ስላልነበረ ራእይ ነው» የሚለውን። ከገላቸው ውጭ ያሉትን ነጠብጣቦች፣ ስድስቱን እጆችና ዓሣውን ግን አልነካቸውም። መምህር ናቲ፣ ተማሪዎ ያቆመችዎት እዚህ ላይ ነው። ዘረመል ፈረሱ ሊኖር ይችል እንደነበረ ይነግረናል፤ በጨለማ ለምን እንደተሳለ የሚናገርበት አንደበት የለውም።

ዳዊት ሐይፋ

ሰላም። እዚህ እስራኤል ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የተወራለት ጥናት አለ። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ያወጡት ነው። ሰዎቹ ችቦ ይዘው በጠባብ ዋሻ ውስጥ ሲቆዩ አየሩ ያልቃል፤ ኦክስጅን ከ18 በመቶ በታች ሲወርድ አእምሮ ይለወጣል፣ ሰው ከአካሉ የወጣ ይመስለዋል፣ ራእይ ያያል። ጨለማ የገቡትም ይህንኑ ፈልገው ነው ይላሉ። ለእኔ አሳማኝ ነው፤ «ለምን በጥልቁ?» ለሚለው ቀጥተኛ መልስ ይሰጣል። ሰናይት ምን ትያለሽ?

ሰናይት ቱሉዝ

ዳዊት፣ ይህ ሐሳብ ከእሱ የሚቀድም ወገን አለው። ከ1988 ጀምሮ ደቡብ አፍሪካዊው ዴቪድ ሌዊስ ዊሊያምስ፣ ኋላም በ1996 ከፈረንሳዊው ዣን ክሎት ጋር፣ ሥዕሎቹ በሰመመን ውስጥ ከታዩ ራእዮች የመጡ ናቸው ብለው ተከራክረዋል። ጠንካራ መሠረታቸው ደቡብ አፍሪካ ነው። በ1870ዎቹ ኬፕታውን ላይ የአገሩ ነባር አዳኞች የሆኑት የሳን ሰዎች ስለ እምነታቸው የተናገሩት በሺህ በሚቆጠሩ ገጾች ተጽፏል። የድንጋይ ሥዕሎቻቸውን ከዚህ ቃል ጋር ሲያገናኙ የሚይዙት ነገር ነበራቸው፤ የባለቤቱን አፍ። አውሮፓ ላይ ግን የሚጠየቅ ሰው የለም። ሁለቱን ያገናኙት «የሰው አንጎል አንድ ነው፤ በሰመመን መጀመሪያ ላይ ማንም ሰው ነጠብጣብና ጠመዝማዛ መስመር ያያል» በሚል ድልድይ ነው። ነጠብጣብ በሰመመን ሊታይ ይችላል፤ ግን ጣቱን ቀለም ነክሮ ግድግዳ የነካ ሕፃንም የሚያወጣው ነጠብጣብ ነው። በሁለት መንገድ ሊመጣ የሚችል ምልክት አንዱን መንገድ ብቻውን አያረጋግጥም።

ወደ ኦክስጅኑ ስመጣ፣ የ2021ዱ ጥናት በኮምፒውተር የተሠላ ነው፤ በጠባብ መተላለፊያ ችቦ ቢነድ አየሩ በሩብ ሰዓት ውስጥ እንዴት እንደሚወርድ ያሳያል። በእውነተኛ ዋሻ ውስጥ ተለክቶ የተገኘ ቁጥር አይደለም። በፔሽ መርል ፈረሶቹ ያሉበት ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ስገባ አንድ ቡድን ሙሉ ሰው አብሮኝ ቆሞ ነበር። በላስኮ ደግሞ ብዙ የስብ ኩራዞች ተገኝተዋል፤ አንዱ እጀታ ያለው፣ ከቀይ አሸዋ ድንጋይ የተጠረበ ውብ ኩራዝ ነው። ኩራዝ እንደ ችቦ አየር አይበላም። ለጠባብ ጉድጓዶች ሐሳቡ ሊሠራ ይችላል፤ ለዚህ ሥዕል ግን አይበቃም።

አባ ቀለም

እኔ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነኝ፤ ጎንደር። ሁላችሁም ስለ ሐሳብ ታወራላችሁ፤ የእጁን ሥራ ማንም አላነሳም። ፎቶውን ሳየው ቀለሙ በብሩሽ የተቀባ አይመስልም፤ ጠርዙ ላይ ብናኝ አለው። በምን ተሠራ? ምን ያህልስ ጊዜ ፈጀ? ሠዓሊ ለመጠበቅ ያልተዘጋጀበትን ሥራ አይጀምርም። ሥራውን ያወቀ ለምን እንደተሠራም ግማሹን ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

ሰናይት ቱሉዝ

አባቴ፣ ዓይንዎ አልሳተም። በአፍ የተተፋ ነው። ሚሼል ሎርብላንሼ የሚባሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪ በአውስትራሊያ ነባር ሰዎች ዘንድ ይህን አሠራር አይተው፣ የፈረሶቹን ሥዕል በሌላ ዋሻ ግድግዳ ላይ በሙሉ መጠኑ ሠርተውታል። ከሰል እያኘኩ፣ ከምራቅና ከውሃ ጋር አዋሕደው፣ በከንፈራቸው በትንሽ በትንሹ ረጩት። የጀርባው መስመር ቀጥ ብሎ እንዲወጣ እጃቸውን እንደ ጋሻ ግድግዳው ላይ ያቆሙ ነበር፤ ለነጠብጣቡ ደግሞ ቀዳዳ ባለው ቆዳ ውስጥ ይተፉ ነበር። ሁሉም ሥራ 32 ሰዓት ወሰደ።

የዚህ ሙከራ ትርጉም በዓመታት ሳይሆን በቀናት የሚጠናቀቅ ሥራ መሆኑ ነው። አንድ ልምድ ያለው ሰው፣ መብራት የሚይዝለት ረዳት ካለው፣ ይጨርሰዋል። ይህ ግን ሊሠራ የሚችልበትን አንድ መንገድ ያሳያል፤ ያኔ በዚሁ መንገድ ብቻ መሠራቱን አያረጋግጥም። ሎርብላንሼ ራሳቸው የሚሰጡት ሐሳብ ልብ ይነካል፤ እስትንፋስን በግድግዳ ላይ መርጨት ራሱ ሥርዓተ አምልኮ ሊሆን ይችላል ይላሉ። እኔም ያቺን ግድግዳ ሳይ የሚሰማኝ ይኸው ነው፤ ስሜቴን ግን ማስረጃ ብዬ አልጽፈውም።

አባ ቀለም

ከሰሉ አፍ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ብሩሽ በከንፈር ስናሾል ዘመናችን አልቋል። በከንፈር መስመር ማውጣት ግን የጀማሪ ሥራ አይደለም። ይህን ያደረገው ሰው ብዙ ግድግዳ ያበላሸ ሰው ነው። ያበላሻቸው የት አሉ?

ሰናይት ቱሉዝ

በዚህ ክር ከተነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ምናልባት ውጭ ነበሩ፤ ዝናብና ውርጭ ወሰዳቸው። በፖርቱጋል የኮዋ ሸለቆ፣ በ1990ዎቹ ግድብ ሊሠራ ሲል፣ በወንዝ ዳር ድንጋዮች ላይ የተፋቁ የዚያው ዘመን ፈረሶችና የዱር በሬዎች መኖራቸው ታወቀ፤ በጠራራ ፀሐይ። እነሱ የቀሩት ተፍቀው ስለነበሩ ነው፤ በከሰል ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ አናያቸውም። ስለዚህ «ለምን በጨለማ ሳሉ?» ስንል ምናልባት በየቦታው ከሳሉት ውስጥ ጨለማው ብቻ ጠብቆ ያቆየልንን እያየን ነው። መምህር ናቲ፣ ይህን ለተማሪዎ ቢነግሯት ደስ ይለኛል፤ ጥያቄዋን ግን አይዘጋውም። በቱክ ዶዱቤር ከጭቃ የተሠሩት ሁለት ቢሰኖች ከመግቢያው በመቶዎች ሜትር ርቀት ላይ ናቸው፤ እዚያ የሄደ ሰው አስቦበት ነው የሄደው።

ታሪክ ወዳድ

እሺ፣ የእኔ ጥንቆላ ለሁሉም እንደማይሠራ ተቀብያለሁ። ግን እናንተስ ምን አላችሁ? ሁሉንም ስታፈርሱ ቆይታችሁ ምንም አልተከላችሁም።

ሰናይት ቱሉዝ

ቅሬታዎ ተገቢ ነው። ተክለው የነበሩም አሉ። በ1960ዎቹ አንድሬ ለርዋ ጉራን ከ60 በላይ ዋሻዎች ውስጥ የትኛው እንስሳ የት ቦታ እንደተሳለ ቆጥረው፣ ፈረስና ቢሰን እንደ ወንድና ሴት ተጣምረው መሐል ቦታ ይይዛሉ አሉ። ፈረሱ ወንድ፣ ቢሰኑ ሴት። አኔት ላሚንግ ኢምፐሬር ያንኑ ጥምረት አይተው ፈረሱን ሴት፣ ቢሰኑን ወንድ አደረጉት። ጥምረቱን ሁለቱም አዩ፤ ትርጉሙ ተገለበጠ። በ1994 ደግሞ አንበሳ፣ አውራሪስና ማሞዝ የበዙበት የሾቬ ዋሻ ተገኘና የእንስሳቱ ሚዛን ራሱ ሌላ ሆነ። እኔ የምይዘው ይህን ነው፤ የእንስሳቱ አመራረጥ ዘፈቀደ አይደለም፣ የድንጋዩ ቅርጽ ተፈልጎ ነው፣ የተሳለበት ምክንያት ደግሞ ከ20,000 ዓመት በላይ በቆየ ልማድ ውስጥ አንድ ብቻ ሊሆን አይችልም። ከዚያ አልፌ ብናገር የራሴን እምነት ነው የምናገረው።

የእንጅባራ ፈረሰኛ

አንድ ነገር ይቀረኛል። ነጠብጣቡና ፈረሱ በአንድ ቀን መሠራታቸውን በምን አወቃችሁ? ምናልባት አንዱ ፈረሱን ስሎ ሄደ፤ ሌላው ከዘመን በኋላ መጥቶ ነጠብጣቡን ጨመረ። እንዲያ ከሆነ ዥጉርጉር ፈረስ የሳለ ሰው ላይኖር ነው።

ሰናይት ቱሉዝ

አላወቅንም፤ ሎርብላንሼም ሥዕሉ በየደረጃው እንደተሠራ ነው የሚያምኑት። ያለን የካርቦን ቆጠራ ከቀኙ ፈረስ ነው። እሱም የሚነግረን ከሰል የሆነው ዛፍ መቼ እንደሞተ ነው፤ ያ ከሰል መቼ ግድግዳ ላይ እንደተተፋ አይደለም። ከግራው ፈረስ፣ ከእጆቹና ከውጪዎቹ ነጠብጣቦች ለየብቻ ቅንጣት ወስዶ መመርመር ይቻል ይሆናል፤ ከሰል ባለበት። ቀዩ ግን ብረት ያለበት አፈር ስለሆነ በካርቦን አይቆጠርም። ደግሞም እያንዳንዱ ናሙና ከሥዕሉ የሚፋቅ ነው።

ናቲ አዳማ

የእንጅባራውን ጥያቄና የሰናይትን መልስ ነገ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ተማሪዎቹ የትኛው ናሙና ቀድሞ ቢወሰድ እንደሚሻል እንዲከራከሩበት። ልጅቷ ምን እንዳለች ማታ እመለስበታለሁ።